«አይንቀሳቀስም» የተባለው ባክቴሪያ፦ በከፊል ጠጣር አጋር ምርመራ አነባበብ ላይ የቀረበ ሒስ

ከሕመምተኛ ናሙና የተለየ የአንጀት ባክቴሪያ ማንነቱ ሲመረመር በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ከሚሰፍርባቸው ዓምዶች አንዱ «ተንቀሳቃሽነት» የሚል ነው። ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ምልክት በላይ የሚይዝ ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ምልክት ላይ ተመሥርቶ ባክቴሪያው ሺጌላ ወይም ሳልሞኔላ ሊባል ይችላል፤ የሐኪሙም ውሳኔ ያንኑ ተከትሎ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የመቀነሷ ምልክት በእርግጥ ምን እንደምትናገርና ምን እንደማትናገር ነው። በተለምዶ «ፍላጀላ የለውም» ተብላ ትነበባለች። የከፊል ጠጣር አጋር ምርመራ ግን ይህን የመናገር ሥልጣን የለውም።

ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው የክልል ሆስፒታሎችን ላቦራቶሪዎችና ናሙና የሚቀበሏቸውን የማጣቀሻ ላቦራቶሪዎች ነው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ፣ ከሸጎሌ እምብዛም ሳይርቅ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የሚላኩ ባክቴሪያዎች ማንነት ከሚረጋገጥባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ተቋሙ ይህን ስያሜ ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን የቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ስም ደግሞ እስከ ዛሬ የሠፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ወደ እንዲህ ያለ ተቋም የሚላክ ባክቴሪያ በላኪው ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ስሙን ይዞ ይመጣል። ስሙ የተሳሳተ ከሆነ ማረጋገጫው እስኪደርስ ድረስ ሕመምተኛው በተሳሳተው ስም ሲታከም ይቆያል። ስለዚህ ሒሱ መነሻ የሚያደርገው ምልክቷ የተጻፈችበትን የመጀመሪያውን የሥራ ጠረጴዛ ነው።

በቅድሚያ ተማሪው የሚማረውን ዝርዝር መመልከት ይገባል። ፍላጀላ ከባክቴሪያው ገላ ወጥተው እንደ ጅራፍ የሚረዝሙ፣ ፍላጀሊን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው የሕክምና ባክቴሪያ ጥናት የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ እንዳሉት አቻዎቹ ሁሉ፣ አቀማመጣቸውን በአምስት ወገን ይከፍላል። ፍላጀላ የሌለው አትሪከስ ይባላል፤ ሺጌላና ክሌብሲየላ ለዚህ ይጠቀሳሉ። በአንድ ጫፍ አንድ ብቻ ያለው ሞኖትሪከስ ነው፤ የኮሌራው ቪብሪዮ ምሳሌው ነው። በሁለቱም ጫፍ ያለው አምፊትሪከስ ሲሆን በዚህ ወገን ካምፒሎባክተር ይገኛል። በአንድ ጫፍ ጭፍራ ሆነው የሚበቅሉበት ሎፎትሪከስ ይባላል፤ የጨጓራው ሄሊኮባክተር የዚህ ወገን ነው። በመላ ገላው ዙሪያ የበቀሉበት ደግሞ ፔሪትሪከስ ነው፤ ኢ. ኮላይ፣ ሳልሞኔላና ፕሮቲየስ በዚህ ይመደባሉ።

ዝርዝሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ከየት እንደተገኘ አለመነገሩ ነው። የአንዱ ፍላጀላ ውፍረት ወደ 20 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማሳየት የሚችለው ወደ 200 ናኖሜትር የሚጠጋውን ብቻ ነው። ስለዚህ አቀማመጡን ለማየት ክሩን በታኒክ አሲድና በቀለም እየሸፈኑ ማወፈር፣ ወይም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጠቀም ግድ ነው። የሌፍሰንና የሪዩ የማቅለሚያ ስልቶች የተዘጋጁት ለዚሁ ነው። በዕለታዊ ሥራ ግን እነዚህን የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ ጥቂት ነው፤ ቀለሙ በቶሎ ይበላሻል፣ ስላይዱ ከማናቸውም ቅባት የጸዳ መሆን አለበት፣ ክሮቹም ባክቴሪያው በጥቂቱ ሲንገላታ ይሰበራሉ። በመሆኑም ተማሪው አምስቱን አቀማመጦች በመጽሐፍ ይማርና በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ምርመራ የተወጋ ቱቦ ብቻ ይሆናል። ሁለቱን የሚያገናኝ ማብራሪያ ስለማያገኝ ቱቦው ስለ ዝርዝሩ የሚመሰክር ይመስለዋል።

ሁለተኛው የዝርዝሩ ድክመት አቀማመጥን እንደማይለወጥ የትውልድ ምልክት ማቅረቡ ነው። ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለው የኮሌራው ዘመድ በፈሳሽ ውስጥ ሲኖር በአንድ ጫፉ ባለች አንዲት ፍላጀላ ይዋኛል፤ በጠጣር ገጽ ላይ ሲቀመጥ ግን ከጎኑ ብዙ ተጨማሪ ፍላጀላ ያበቅላል። ያው አንድ ባክቴሪያ እንደ መኖሪያው በሁለት ረድፍ ሊጻፍ ነው ማለት ነው። ዬርሲንያ ኢንተሮኮሊቲካ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያድግ ፍላጀላ አውጥቶ ይዋኛል፤ በ37 ዲግሪ ግን ማውጣቱን ይተዋል። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስም በተመሳሳይ ሁኔታ በሰው ገላ ሙቀት ላይ እንቅስቃሴው ይዳከማል ወይም ይቆማል። እነዚህን ሁለቱን በ37 ዲግሪ ብቻ መርምሮ «አትሪከስ» ማለት፣ ተኝቶ ያገኙትን ሰው እግር የለውም እንደማለት ነው።

በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሌላ ምሳሌም አለ። በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ትኩሳት የሚያመጣው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ ከውጭ የሚታይ ፍላጀላ የለውም፤ ክሮቹ በውስጠኛውና በውጨኛው ሽፋኖቹ መካከል ተጠምጥመው ይገኛሉ። በትኩስ ደም ጠብታ ውስጥ ግን ቀይ የደም ሴሎችን እየገፋ ሲገላበጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በከፊል ጠጣር አጋር ቢወጋ በዚያ ምግብ ስለማያድግ ምንም አያሳይም። ከዚህ የሚታየው አንድ ምርመራ የሚመሰክረው በራሱ ውስጥ ማደግ ስለሚችለው ባክቴሪያ ብቻ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። ጄምስ ክሬጊ እ.ኤ.አ. በ1931 የታይፎይድ ባክቴሪያን ፍላጀላ ሲያጠና፣ ቀጭን ክፍት ቱቦ በከፊል ጠጣር አጋር ውስጥ አቁሞ ባክቴሪያውን በውስጠኛው ቱቦ ዘራ፤ መዋኘት የቻለው ከታች ዞሮ ወደ ውጨኛው ወጣ። ቲትስለርና ሳንድሆልዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ከፊል ጠጣር አጋር እንቅስቃሴን ለመለየት ስለመዋሉ ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በመርፌ የሚወጋው ቱቦ በመላው ዓለም ተለምዷል። ተቀባይነቱ አግባብ ነበር። በተንጠልጣይ ጠብታ ውስጥ ሕያው የታይፎይድ ባክቴሪያ ሲዋኝ በማይክሮስኮፕ መመልከት ለመርማሪው አደጋ አለው፤ ውኃ ራሱ የሚያወዛውዘውን ከሚዋኘው መለየትም ልምድ ይጠይቃል። ቱቦው ግን ተከድኖ ይቀመጣል፤ በማግስቱም በዓይን ይነበባል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ተራው ጠጣር ምግብ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 15 ግራም አጋር ሲኖረው ከፊል ጠጣሩ 3 ወይም 4 ግራም ብቻ ይይዛል። በዚህ መጠን አጋሩ ውኃ የሞላበት ልል መረብ ይሆናል። በመረቡ ቀዳዳዎች ባክቴሪያው መዋኘት ይችላል፤ ፈሳሹ ግን በራሱ አይናወጥም። ቱቦው ቆሞ እንዲረጋ ይደረጋል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ዕድሜ ካለው ኮሎኒ መካከል ቀጥ ባለ ሽቦ ጫፍ ጥቂት ይነካና በቱቦው መካከል ቀጥ ብሎ እስከ ጥልቀቱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ይወጋል፤ ሽቦውም በገባበት መስመር ይወጣል። በ35 ወይም 37 ዲግሪ ለአንድ ሌሊት ከተቀመጠ በኋላ ካልተወጋ ቱቦ ጋር ጎን ለጎን በብርሃን ፊት ይታያል። ዕድገቱ ከመስመሩ ወጥቶ ምግቡን እንደ ጉም ካደበዘዘው ተንቀሳቃሽ ነው። መስመሩ ጥርት ብሎ ቀርቶ ዙሪያው ንጹሕ ከሆነ እንቅስቃሴ አልታየም። ቀለም የሌለው የዕድገት ጉም ለማየት በሚያስቸግርበት ጊዜ በሊትር 0.05 ግራም ገደማ ትራይፌኒል ቴትራዞሊየም ክሎራይድ ይጨመራል፤ ባክቴሪያው ባደገበት ሁሉ ቀይ ይሆናል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን በዚህ ማቅለሚያ ዕድገታቸው ስለሚገታ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ያለ ማቅለሚያው መድገም ያስፈልጋል።

የሒሱ ማዕከል ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉሙ እንዲታይ ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ባክቴሪያው በዚያ ምግብና ሙቀት ማደግ አለበት። ፍላጀላው መሽከርከር አለበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ባክቴሪያው አቅጣጫውን መለወጥ መቻል አለበት። ኢ. ኮላይን የመሰለ ፔሪትሪከስ ባክቴሪያ ፍላጀላዎቹ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ሲዞሩ አንድ ነዶ ሆነው ወደፊት ይገፉታል፤ ጥቂቶቹ ወደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞሩ ነዶው ይፈታና ባክቴሪያው ተገላብጦ አዲስ አቅጣጫ ይይዛል። በዙሪያው ያለውን ምግብ ሲጨርስ ወደ ተረፈው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ዎልፍና በርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ሳይገላበጡ በቀጥታ ብቻ የሚዋኙ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች በከፊል ጠጣር አጋር ውስጥ በአግባቡ እንደማይሠራጩ አሳይተዋል። ፍላጀላቸው ሙሉ ነው፣ በፈሳሽም ይዋኛሉ፤ ነገር ግን በመረቡ ውስጥ መውጫ በሌለው ቀዳዳ ሲገቡ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችሉ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ቱቦው የሚለካው የዕድገት፣ የመዋኘትና የመታጠፍ ድምር ውጤት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የመቀነስ ምልክት ይሰጣል፤ የትኛው እንደጎደለ ግን አይናገርም።

መጻሕፍቱ በሌላ አገር ስለተጻፉ የማይነግሩት ሌላ ጉዳይም አለ። ሸጎሌና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ውኃ በዚያ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አጋር የሚቀልጠው ከ85 ዲግሪ በላይ በመሆኑ በዚህ ሙቀትም ይሟሟል፤ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ምግቡ መፍላት እንደ ጀመረ ከምድጃ የሚያወርድ ሠራተኛ ያልሟሟ አጋር በዕቃው ግርጌ ትቶ ወደ ቱቦዎቹ ይቀዳል። በመጀመሪያ የተቀዱት ሲላሉ የመጨረሻዎቹ ይጠጥራሉ። የላላው የማይንቀሳቀሰውን ተንቀሳቃሽ፣ የጠጠረው ተንቀሳቃሹን የማይንቀሳቀስ ሊያስመስል ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ፈሳሹ በብርሃን ሲታይ አንዳች ቅንጣት ሳይኖረው ፍጹም የጠራ መሆን አለበት። የረጋው ምግብም ቱቦው ዘንበል ሲል ቅርጹን ይዞ መቆየት፣ በእጅ ሲመታ ግን መፍረስ ይኖርበታል።

በአውቶክሌቭም ላይ ተመሳሳይ ጉዳይ ይነሣል። በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ለማግኘት የግፊት መለኪያው 15 ፓውንድ ቢያሳይ ይበቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የውጭው አየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ያው 15 ፓውንድ የሚሰጠው 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለማድረስ ወደ 19 ፓውንድ ያስፈልጋል። ሙቀቱን ሳይሆን ግፊቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ጀርሙ ያልጠፋ ምግብ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ባልተወጋ ቱቦ ውስጥ የሚወጣ ጉምም ከዚህ ይመነጫል። ያልተወጋው ማነጻጸሪያ ቱቦ ከሌሎቹ ጋር በኢንኩቤተር ማደር ያለበት ለዚህ ነው።

«የክፍል ሙቀት» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። መመሪያው በ37 ዲግሪ ያልታየ እንቅስቃሴ በክፍል ሙቀት ለተጨማሪ ቀናት፣ እስከ አምስት ቀን ድረስ፣ ይታይ ሲል የሚያስበው ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ነው። በአዲስ አበባ በክረምት ወራት ማሞቂያ የሌለው ክፍል ከ20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ባክቴሪያው ያኔ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሁለተኛው ንባብም የመጀመሪያውን ስሕተት ሊደግም ይችላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የክፍል ሙቀት» ከማለት ይልቅ በቴርሞሜትር የተነበበውን ቁጥር መጻፍ ይገባል።

ለማሳያ ያህል አንድ ናሙና እስከ መጨረሻው እንከተል። ትኩሳትና ተቅማጥ ካለበት ሕፃን ዓይነ ምድር በማኮንኪ አጋር ላይ ቀለም የሌላቸው ኮሎኒዎች ተገኙ እንበል። ላክቶስን አያፈሉም ማለት ነው። በትሪፕል ሹገር አይረን አጋር ላይ ዘንበል ያለው ገጽ ቀይ፣ ግርጌው ቢጫ ሆነ፤ ጋዝ የለም፣ ጥቁረትም አልታየም። ዩሪያ፣ ሲትሬትና ኢንዶል ሁሉም አሉታዊ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ባክቴሪያው ሺጌላም ሳልሞኔላ ታይፊም ሊሆን ይችላል። ታይፊ ከሌሎቹ ሳልሞኔላዎች ተለይቶ ጋዝ አያወጣም፤ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ከቀጭን ጥቁር ቀለበት የማያልፍ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ከፊል ጠጣሩ ቱቦ ጥርት ያለ መስመር አሳየ። መዝገቡ ላይ የመቀነስ ምልክት ተጻፈ፤ ባክቴሪያውም «ሺጌላ» ተባለ።

ይህን ድምዳሜ የሚቃወም የመጀመሪያ ምስክር ላይሲን አይረን አጋር ነው። ሺጌላ ላይሲንን ዲካርቦክሲሌት አያደርግም፤ ስለዚህ ግርጌው ቢጫ መሆን ነበረበት። የዚህ ናሙና ቱቦ ግን እስከ ግርጌው ወይን ጠጅ ሆኖ አደረ። ሁለተኛው ምስክር ሴረሙ ነው፤ ከሺጌላ አንቲሴረሞች አንዱም ባክቴሪያውን አላጓጎለውም። እዚህ ላይ መርማሪው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ላይሲኑን «ያልተለመደ» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛውና ትክክለኛው ከሁሉ ይልቅ ደካማ የሆነውን ምስክር፣ ማለትም የተንቀሳቃሽነቱን ቱቦ፣ እንደገና መመርመር ነው።

ምርመራው ሲደገም ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ኮሎኒው ለብዙ ቀናት በሳሕን ላይ የቆየ ነበርን? ያረጀ ባክቴሪያ ፍላጀላውን ይጥላል። ቱቦዎቹ ክዳናቸው ላልቶ ለሳምንታት ቆይተው ነበርን? ውኃው ሲተን 4 ግራም የነበረው አጋር ጥግግቱ ይጨምራል። በዚያው ቀን የተወጋው የኢ. ኮላይ ማነጻጸሪያ ተሠራጭቷልን? ካልተሠራጨ የዕለቱ ንባብ ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ባክቴሪያው በሾርባ ምግብ ውስጥ ለአራት ወይም ለስድስት ሰዓት ያህል ይታደሳል፤ አዲስ በተዘጋጀ ከፊል ጠጣር አጋር በክሬጊ ቱቦ ውስጥ ይዘራና እስከ 48 ሰዓት ይጠበቃል። በዚህ ምሳሌ በሁለተኛው ቀን ከውጨኛው ቱቦ ገጽ ላይ ዕድገት ተገኘ። ከዚያ የተወሰደው ባክቴሪያ ፍላጀላው የተሟላ ስለሆነ በሳልሞኔላ ታይፊ የፍላጀላ ሴረም፣ በ«ዲ» ፊደል በሚታወቀው፣ ተጓጎለ። ባክቴሪያው ከመጀመሪያውም ሳልሞኔላ ታይፊ ነበር።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የሺጌላ ተቅማጥ ሕክምና በጥቂት ቀናት ያበቃል፤ ታይፎይድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት፣ አንጀት እንዳይበሳ ክትትልና በቤተሰቡ ውስጥ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው መኖሩን ማጣራት ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሕፃን ዋጋውን የሚከፍለው ለዚያች አንዲት የመቀነስ ምልክት ነው።

በተቃራኒው ወገን የሚፈጸመው ስሕተትም ሊጠቀስ ይገባዋል። ከቀጥተኛው ሽቦ ይልቅ ሉፕ የሚጠቀም ሰው መረቡን ሰንጥቆ ሰፊ ቦይ ያበጃል፤ የማይንቀሳቀሰው ክሌብሲየላም በስንጥቁ ተከትሎ ሲያድግ የተሠራጨ ይመስላል። ሽቦው ተጣሞ ሲወጣ ወይም ቱቦው ተነቅንቆ ሲመጣ ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። መለያው የጠርዙ መልክ ነው። እውነተኛ ስርጭት ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ውጭ እየሳሳ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል፤ በስንጥቅ የተፈጠረው ግን እንደ ቢላ ስለት ጠርዙ የተቆረጠና በአንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ነው።

የጉሙ መልክ ወደ አቀማመጡ ዝርዝር መልሶ የሚያደርሰን ይመስላል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በዋልታው ባለ አንድ ፍላጀላ ይዋኛል፤ በቱቦው ውስጥ የሚሠራጨውም ከላይኛው ገጽ አጠገብ ብቻ ነው፤ ግርጌው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ኢ. ኮላይ ግን ከላይ እስከ ታች ምግቡን ያደበዝዛል። ከዚህ በመነሣት «ሞኖትሪከሱ ከላይ፣ ፔሪትሪከሱ በሙሉ ይሠራጫል» የሚል ደንብ ማውጣት ያጓጓል። ደንቡ ግን ውሸት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ኦክስጅን ነው፤ ሱዶሞናስ በዚህ ምግብ ውስጥ ያለ አየር ማደግ ስለማይችል ከገጹ አይርቅም፣ ኢ. ኮላይ ግን ያለ አየርም ያድጋል። የኮሌራው ቪብሪዮ እንደ ሱዶሞናስ ባለ አንድ ፍላጀላ ቢሆንም ያለ አየር ማደግ ስለሚችል ወደ ታችም ይሠራጫል። ቱቦው የሚያሳየው የባክቴሪያውን አተነፋፈስ እንጂ የክሮቹን ብዛትና ቦታ አይደለም። ግርጌውን ብቻ የሚመለከት አንባቢ ደግሞ ሱዶሞናስን «አይንቀሳቀስም» ብሎ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ምርመራው ይጣል ማለት አይደለም። በአንድ ሌሊት፣ በአነስተኛ ወጪ፣ መርማሪውን ለአደጋ ሳያጋልጥ ብዙዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች በሁለት ይከፍላል፤ አዎንታዊ ንባቡም በማነጻጸሪያዎቹ ከተደገፈ የሚታመን ነው። ጉድለቱ ያለው በአሉታዊው ንባብ ላይ ሥልጣኑን አለፍ ብሎ እንዲናገር መደረጉ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቃል ራሱ ሊታረም ይገባዋል። «ተንቀሳቃሽነት፦ የለም» የሚለው «በ37 ዲግሪ በ24 ሰዓት ስርጭት አልታየም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከአጠገቡም የኢ. ኮላይና የክሌብሲየላ ማነጻጸሪያ ቱቦዎች ውጤት ቢሰፍር፣ የሚቀበለው ሰው የምልክቷን ክብደት ራሱ መመዘን ይችላል። ከላይሲን ወይም ከሴረም ጋር የተጋጨ አሉታዊ ንባብ ሳይደገም ስም ሊሰጥበት አይገባም።

የማስተማሪያ ጽሑፎቹም ከአምስቱ ስሞች ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ተማሪውን ከብዙ ስሕተት ያድኑታል፤ አቀማመጥ የሚታወቀው በማቅለሚያ ወይም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ የተወጋው ቱቦ የሚያሳየው መሠራጨትን ብቻ ነው።